ሱቁ በወር ስንት ሲሸጥ ነው ወጪውን የሚችለው?

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ የንግድ ቤት ሱቅ አላት። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የፀጉር ቅባት፣ ሻማ፤ በየሰፈሩ ያለው ዓይነት ሱቅ ነው። አንድ ማታ ዘግታ ስትገባ፣ "ሽያጩ እኮ መጥፎ አይደለም። ኪራይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ከዕቃ መግዣው ላይ ነው የማነሳው" አለችኝ።

እኔ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው፤ ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ከዕቃ መግዣ እያነሳ ኪራይ የሚከፍል ሱቅ መደርደሪያውን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየበላ ነው። "ለመሆኑ በወር ስንት ብትሸጪ ነው ሱቁ ወጪውን የሚችለው?" ስላት ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "እንጃ፣ ሁለት መቶ ሺህ ይበቃል መሰለኝ" አለች። ግምቷ ከእውነቱ ብዙም የራቀ አልነበረም። ነገር ግን የሳተችው ትንሽ ልዩነት ናት ኪራዩን ከዕቃ መግዣ የምታስነሳት።

ከዚህ በታች ያለው ሁለታችን ደብተሯን ዘርግተን በሦስት ምሽት የሠራነው ስሌት ነው። አሃዞቹን ለማስረዳት እንዲመቹ አለስልሻቸዋለሁ፤ አካሄዱ ግን ለማንኛውም የችርቻሮ ሱቅ ያው ነው።

ሁለት ዓይነት ወጪ

መጀመሪያ ያደረግነው ወጪዋን በሁለት ገጽ መክፈል ነው። በአንደኛው ገጽ ላይ ሱቁ አንድ ሻማ እንኳ ባይሸጥ የሚከፈሉትን ጻፍን። ኪራይ 18,000 ብር። የረዳቷ ልጅ ደመወዝ 6,000። መብራት 1,500፤ ማቀዝቀዣው ለስላሳ ኖረበትም አልኖረበት ይሠራልና ይህንንም ቋሚ አልነው። ለጥበቃና ለጽዳት 500። የንግድ ፈቃድ እድሳትና ሌሎች በዓመት አንዴ የሚከፈሉ ነገሮች ለ12 ሲካፈሉ 1,000። ድምሩ 27,000 ብር ሆነ። ቋሚ ወጪ የሚባለው ይኸው ነው።

በዓመት አንዴ የሚከፈለውን ለ12 ማካፈል ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። ኪራይ በሦስት ወር ወይም በስድስት ወር አንዴ የሚከፍልም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ኪራይ ባልተከፈለበት ወር መሳቢያው ሞልቶ ይታያል፣ ሰው ይዝናናል፣ ልጆች ጫማ ይገዛላቸዋል፤ መክፈያው ሲደርስ ሱቁ በድንገት የከሰረ ይመስላል። ሱቁ ግን ከወር ወር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍያው የሚወድቅበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ መቼም ይውጣ፣ ለስሌቱ የሚያስፈልገው የአንድ ወር ድርሻው ነው።

በሁለተኛው ገጽ ላይ ሽያጭ ሲጨምር የሚጨምረውን፣ ሲቀንስም የሚቀንሰውን አሰፈርን። ከሁሉም የሚበልጠው የዕቃው መግዣ ነው። ከእሱ ጋር ግን ሌሎችም አሉ፦ ከመርካቶ ዕቃ የሚያመጣው መኪና፣ የተሸካሚው፣ የተሰበረው ጠርሙስ፣ ቀኑ ያለፈበት ብስኩት። እነዚህን እህቴ "የቀን ወጪ" እያለች ከመሳቢያ አውጥታ ትከፍላለች እንጂ በዕቃው ዋጋ ላይ ደምራቸው አታውቅም። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነበር።

አንድ ካርቶን ብስኩት

ይህን ለማሳየት አንድ ካርቶን ብስኩት አወረድን። 24 ፍሬ አለው፤ በ600 ብር ገዝታዋለች። የአንዱ መግዣ 25 ብር ነው፣ የምትሸጠው 30 ነው። "ከአንዱ አምስት ብር፣ ከካርቶኑ 120 ብር አገኛለሁ" ብላ ነበር የምታስበው።

መኪናውንና ተሸካሚውን ለመጡት ካርቶኖች ሁሉ ስናካፍል ለዚህኛው 24 ብር ደረሰው። እንግዲህ ካርቶኑ የፈጀባት 624 ነው። ሃያ አራቱም በ30 ብር ቢሸጡ 720 ብር ይመጣል፤ የሚተርፈው 96 ብር ነው። ግን ሃያ አራቱም አልተሸጡም። አንዱ ፈርሶ ነው የመጣው፣ አንዱን ልጇ በልቶታል። የተሸጠው 22 ነው፣ የመጣው 660 ብር ነው፣ የተረፈው 36 ብር ነው። ከ120 ወደ 36! ብስኩቱን ማንም አልሰረቀም፣ ዋጋውም አልተቀየረም።

ይህን ስታይ እህቴ ዝም አለች። ሁለት ብስኩት ማለት ለእሷ አሥር ብር ትርፍ ነበር የሚመስላት። የተበላ ብስኩት ግን የሚያስቀረው ትርፉን ብቻ አይደለም፤ የገዛችበትን ብርም ይዞ ይሄዳል። የአንዱን ብስኩት 26 ብር መልሳ ለማግኘት ከስድስት በላይ ብስኩት በሙሉ ትርፍ መሸጥ አለባት።

ከመቶ ብር ሽያጭ ስንት ይተርፋል?

አሁን ዋናው ቁጥር ላይ ደረስን። የዕቃ ትርፍ የምለው ዕቃው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ ዕቃው የፈጀው ወጪ ሁሉ ሲቀነስ የሚቀረውን ነው፤ ኪራይና ደመወዝ ገና ሳይነካ። ኪራይ የሚከፈለው ከዚህ ነው እንጂ ከሽያጩ አይደለም። ስለዚህ ማወቅ ያለብን ከእያንዳንዱ 100 ብር ሽያጭ ስንት ብር የዕቃ ትርፍ እንደሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴውን ሁሉ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በ100 ብር የተገዛ ዕቃ በ125 ሲሸጥ "ሃያ አምስት ከመቶ ጨምሬ ሸጥኩ" ይባላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን 25ቱ ብር የወጣው ከ125 ብር ሽያጭ ነው። 25ን ለ125 ስናካፍል 0.20 ነው፤ ከመቶ ብር ሽያጭ የሚተርፈው 20 ብር ነው ማለት ነው፣ 25 አይደለም። የጨመርነው በመግዣው ላይ ነው፤ መሳቢያ የሚገባው ደግሞ መሸጫው ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የሚከፍለውን እንይ፦ ቋሚ ወጪው 27,000 ከሆነና በ25 ከመቶ ካሰበ 108,000 ብር ሽያጭ ይበቃኛል ይላል። 108,000 ሸጦ በእጁ የሚቀረው ግን 21,600 ነው። በየወሩ 5,400 ብር ይጎድለዋል፣ ምክንያቱንም አያውቀውም።

እህቴ ሱቅ ውስጥ ያለው ዕቃ ብዙ ዓይነት ነው፤ ለእያንዳንዱ መሥራት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በሦስት ከፈልነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄትና የመሳሰሉት የሽያጯን ግማሽ ይይዛሉ፤ የሚተርፉት ግን ከመቶ 6 ብር ያህል ነው። ሳሙና፣ ለስላሳ፣ ብስኩትና ፓስታ ከሽያጩ 30 ከመቶ ናቸው፣ የሚተርፉትም 15 ነው። ደብተር፣ የፀጉር ቅባት፣ ሻማ፣ ባትሪ፣ የፕላስቲክ ዕቃና ሌላው ጥቃቅን 20 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ ግን ከመቶ 30 ይተርፋል።

"ስድስት፣ አሥራ አምስትና ሠላሳ ተደምሮ ለሦስት ሲካፈል አሥራ ሰባት" አለችኝ። አይሆንም፤ ምክንያቱም ሦስቱ እኩል አይሸጡም። ከ100 ብር ሽያጭ 50ው ብር ዘይትና ስኳር ነው፣ ከእሱ 3 ብር ይተርፋል። 30ው ብር ሳሙናና ለስላሳ ነው፣ ከእሱ 4.50 ይተርፋል። 20ው ጥቃቅን ነው፣ ከእሱ 6 ብር ይተርፋል። ድምሩ 13.50 ነው። ሱቁን በብዛት የሚሞላው ዘይት ቢሆንም ከኪራዩ ትልቁን ድርሻ የሚከፍሉት ደብተርና የፀጉር ቅባት ናቸው። ይህን ካየች በኋላ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጡ የነበሩትን ጥቃቅኖች ወደ ባንኮኒው ፊት አመጣቻቸው፤ እኔ ሳልነግራት።

ስሌቱ እንግዲህ አንድ መሥመር ነው። ቋሚ ወጪውን ከአንድ ብር ሽያጭ በሚተርፈው እናካፍላለን፦

27,000 ÷ 0.135 = 200,000 ብር

ወጪ መሸፈኛ ሽያጭ የምለው ይህንን ነው። 200,000 ብር ሲሸጥ የዕቃው ትርፍ 27,000 ይሆናል፣ ቋሚ ወጪውን ይችላል፣ ትርፍም ኪሳራም የለም። የእህቴ ግምት ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ያውም በዚያ ወር በደብተሯ ላይ የሰፈረው ሽያጭ 210,000 ነበር። እንዲህ ከሆነ ታዲያ ኪራዩ ለምን ከዕቃ መግዣ ይነሳል?

ደብተሩ ሌላ፣ መደርደሪያው ሌላ

13.5 ያልነው ዕቃው ሁሉ በተለጠፈበት ዋጋ ሲሸጥ ነው። የብስኩቱ ነገር ግን በሱቁ በሙሉ አለ። ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠው ቆጠራ ብቻ ነው። ቆጠራ አድካሚ ነው፤ እኛ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግተን ነው የሠራነው። ቆጠራው ሲሠራ ዕቃው የሚመዘገበው በመግዣ ዋጋው ነው፤ በመሸጫ ዋጋ የቆጠረ ሰው ገና ያልሸጠውን ትርፍ አብሮ ቆጠረ።

ወሩ ሲጀምር መደርደሪያውና ጓዳው ውስጥ የነበረው ዕቃ 140,000 ብር ነበር። በወሩ ውስጥ መኪናውንና ተሸካሚውን ጨምሮ የ194,800 ብር ዕቃ ገባ። ወሩ ሲያልቅ የቀረው 150,000 ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያ የነበረውና የገባው ተደምሮ፣ የቀረው ሲቀነስ፣ ከሱቁ የወጣው ዕቃ የ184,800 ብር ነው። ሽያጩ 210,000 ነው። የዕቃ ትርፉ 25,200 ብር ብቻ ነው። ለ210,000 ስናካፍለው 0.12፤ ከመቶ 12 ብር።

ከ13.5 ወደ 12፣ አንድ ብር ከሃምሳ ነው ልዩነቱ። ትንሽ ይመስላል። በ210,000 ሽያጭ ላይ ግን 3,150 ብር ነው። የት እንደገባ ፈልገን አገኘነው፦ 1,400ው ለመኪናና ለተሸካሚ ተከፍሎ በዕቃው ዋጋ ላይ ሳይታሰብ የቀረ ነው፣ 1,100ው ወደ ቤት የተወሰደ ዘይትና ስኳር ነው፣ 650ው የተበላሸና ቀኑ ያለፈበት ነው። ቤት የሚወሰደው ነገር ነውር የለበትም፤ ሱቁ የእሷ ነው። ግን መጻፍ አለበት። ከዚያ ወዲህ ከደብተሯ ጀርባ አንድ ገጽ ለይታ "ለቤት" ብላ በመግዣ ዋጋ ትመዘግባለች፤ ያ የራሷ ደመወዝ አካል እንጂ የሱቁ ኪሳራ አይደለም። አሁን ግን በተቆጠረው እንቀጥል።

27,000 ÷ 0.12 = 225,000 ብር

በዚያ ወር የሸጠችው 210,000 ነው። ለመሸፈኛው 15,000 ይጎድላል፤ ኪሳራዋ ደግሞ የ15,000 12 ከመቶ፣ 1,800 ብር ነው። አተረፍኩ ባለችበት ወር ከሰረች።

"አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብቻ ነው? እኔ እኮ ከሃያ ሺህ በላይ ነው የጎደለኝ!" አለች። እውነቷን ነው፤ ይህ ነው ሰው ስሌቱን እንዳያምነው የሚያደርገው። መሳቢያውን ተከተልነው። ከ210,000 ሽያጭ ውስጥ 12,000ው በዱቤ የሄደ ነው፣ አልተከፈለም። በእጇ የገባው 198,000 ነው። ለዕቃ 194,800 አወጣች። የቀራት 3,200 ብር ነው፤ መክፈል ያለባት ግን 27,000። ጉድለቱ 23,800 ብር ሆነ። በዚያ ወር እቁብ ደርሷት ስለነበር ከእሱ ሞላችው፤ ባይደርሳት በሚቀጥለው ወር ከዕቃ መግዣው ታነሳ ነበር።

ይህ 23,800 የት ሄደ? 12,000ው ጎረቤት እጅ ላይ በዱቤ ነው። 10,000ው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ወሩ ሲጀምር 140,000 የነበረው ዕቃ 150,000 ሆኗል። የቀረው 1,800 ነው፣ የጠፋውም እሱ ብቻ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ልክ 23,800 ይመጣሉ። ይህን ስንደርስበት እህቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ደመረችው። ሦስት ዓይነት ሕመም በአንድ ስም ስትጠራ ነው የኖረችው፦ የዱቤውን ሕመም የሚያድነው ማስከፈል ነው፣ የመደርደሪያውን የሚያድነው አገዛዙን መቀነስ ነው፣ የመጨረሻውን ግን ሁለቱም አያድኑትም። ወጪ መሸፈኛ ሽያጭ የሚነግረን ስለዚህ ሦስተኛው ብቻ ነው። መሳቢያ ውስጥ ብር መኖር አለመኖሩን አይናገርም፤ ሱቁ እየበላን መሆን አለመሆኑን ይናገራል።

የራሷ ድካምስ?

እስካሁን ያሰብነው ስሌት ውስጥ አንድ የቀረ ሰው አለ፤ እሷ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ማታ ቆማ የምትውለው ሴት በቋሚ ወጪው ላይ አንድ ብር አልተጻፈላትም። ለሌላ ሰው ብትቀጠር 15,000 ብር ታገኝ ነበር እንበል። ቋሚ ወጪው 42,000 ይሆናል፣ ለ0.12 ሲካፈል 350,000 ብር ይመጣል። ከ225,000 ጋር ያለው ርቀት ያስደነግጣል፤ እሷንም አስደንግጧታል። እኔ ግን ሁለቱም ቁጥሮች ደብተሩ ላይ መኖር አለባቸው እላለሁ። የመጀመሪያው ሱቁ የሚቆምበት ነው፣ ሁለተኛው ሱቁ እንደ ሥራ የሚያዋጣበት። በሁለቱ መካከል ያለ ሱቅ ራሱን ችሏል፣ ባለቤቱን ግን አልቻለም።

ዘይት ሲወደድ የሚሆነው

ከሁሉ የሚያደናግረው ይህ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር በጣም ወርዷል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ የዋጋውን ነገር ያውቀዋል። የዕቃ ዋጋ ሲጨምር የሱቅ ሽያጭ በብር ያድጋል፤ ባለሱቁም ሥራ የተነቃቃ ይመስለዋል።

አንድ ጀሪካን ዘይት በ1,000 ብር ገዝታ በ1,060 ትሸጣለች እንበል። ከአንዱ 60 ብር ታገኛለች። ሱቁ ዘይት ብቻ ቢሸጥ ቋሚ ወጪውን ለመቻል 27,000 ÷ 60፣ 450 ጀሪካን መሸጥ አለበት፤ በብር 477,000 ነው። አሁን መግዣው 1,300 ገባ። ደንበኛ እንዳይሸሽ ብላ ያንኑ 60 ብር ብቻ ጨምራ በ1,360 ሸጠች። አሁንም 450 ጀሪካን ነው የሚያስፈልጋት፤ በብር ግን 612,000 ሆነ። ከመቶ የሚተርፋት ከ5.7 ወደ 4.4 ወረደ። ሽያጯ በ135,000 ቢያድግም ከኪራዩ አንፃር አንድ እርምጃ አልተራመደችም። ከዚህም በላይ ያንኑ 450 ጀሪካን መልሶ ለመግዛት 135,000 ብር ተጨማሪ ማግኘት አለባት።

ዋጋ በሚለዋወጥበት ጊዜ ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተሰላ ወጪ መሸፈኛ ሽያጭ አያገለግልም። መግዣ ዋጋ በታየ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር ከመቶ የሚተርፈውን እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ጥቂት ዓይነት ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በብር ፈንታ በፍሬ ቢቆጥር ይሻለዋል፤ 450 ጀሪካን አይዋሽም።

የዕቃው ስብጥር ሲለወጥም እንዲሁ ነው። በሁዳዴ ጾም 55 ቀን ወተትና እንቁላል የሚሸጥ ሱቅ ሽያጩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ መስከረም ሲጠባ ደብተርና እስክሪብቶ ይገናል። እህቴ ሱቅ የመስከረም ወር 12 ከመቶ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው የሚተርፈው፣ ጥቃቅኑ ስለሚበዛ። የአንድ ወር ቆጠራ ዓመቱን ሙሉ አይወክልም፤ እኛ በዓመት ሦስት ጊዜ ለመቁጠር ተስማምተናል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሱቅ ከሆነ ከደንበኛው የሚቀበለው 15 ከመቶ የእሱ አይደለምና ሽያጩን ያለ ታክሱ ነው መቁጠር ያለበት። 115 ብር መሳቢያ ሲገባ ለዚህ ስሌት ሽያጩ 100 ብር ነው።

በቀን ስንት?

225,000 በወር ሲባል ለሰው ስሜት አይሰጥም። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ ለሒሳብ ይመቻል፤ በቀን 7,500 ብር ይሆናል። እህቴ በዚያ ወር በቀን በአማካይ የሸጠችው 7,000 ነበር። በዚህ አካሄድ 225,000 ለመድረስ 32 ቀን ከምናምን ያስፈልጋታል፤ ወሩ ግን በሠላሳ ያልቃል። ሱቁ በየወሩ ሁለት ቀን ያጥረዋል ማለት ነው። በቀን 8,000 ብትሸጥ በ29ኛው ቀን ይሞላላታል፣ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው እያንዳንዱ 100 ብር 12 ብር ትርፍ ይተውላታል። ይህን ስነግራት ከዋጋው ከሒሳቡ ሁሉ ይልቅ የገባት ይህ ነበር። አሁን በየማታው የዕለቱን ሽያጭ ከ7,500 ጋር አስተያይታ በላይ ከሆነ በሰማያዊ፣ በታች ከሆነ በቀይ ትጽፋለች።

ዋጋ ቀንሼ ደንበኛ ልሳብ ያለችበት ጊዜም ነበር። ከመቶ የሚተርፈው ከ12 ወደ 10 ቢወርድ መሸፈኛው 270,000 ይሆናል፤ አሁን ያለው 210,000 ሽያጯ በ42,000 ካልጨመረ ቅናሹ ይጎዳታል። በተቃራኒው የቤቱንና የተበላሸውን ተቆጣጥራ፣ ጥቃቅኑን አብዝታ 12ቱን 13 ብታደርገው 208,000 ገደማ ይበቃታል። አሁን ከምትሸጠው 210,000 በታች ነው። አንድ ተጨማሪ ደንበኛ ሳትፈልግ ሱቁ ወጪውን ቻለ ማለት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው በዚህኛው መንገድ ነው፤ ደንበኛ መሳብ በእሷ እጅ አይደለም፣ የብስኩቱ ካርቶን ግን በእጇ ነው።

በመጨረሻ አከራዩ መጡ። በወር 3,000 ብር ጨምሪ አሉ። የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው በ2016 የወጣው አዋጅ የመኖሪያ ቤትን እንጂ የንግድ ቤትን ስለማይመለከት፣ እዚህ ያለው ድርድር ብቻ ነው። ድሮ ቢሆን "ሦስት ሺህ ምን አላት፣ በቀን መቶ ብር ናት" ትል ነበር። መቶ ብር ግን የዕቃ ትርፍ ነው፣ ሽያጭ አይደለም። 3,000 ለ0.12 ሲካፈል 25,000 ነው፤ በቀን ከ830 ብር በላይ ተጨማሪ ሽያጭ፣ አሁን ካለባት ጉድለት ሌላ። በኪራይ ላይ የምትጨመር አንዲት ብር ከስምንት ብር በላይ ሽያጭ ትፈልጋለች።

ደብተሯን ይዛ ተቀምጣ ነገረቻቸው። "አባባ፣ ሦስት ሺህ ብጨምር በዓመቱ ሱቁን ለቅቄ እወጣለሁ፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ከሆነ እቆያለሁ" አለቻቸው። የስድስት ወር ቅድሚያ ከከፈልሽ ብለው ተስማሙ። ቅድሚያውን እምቢ አለች፤ የስድስት ወር ኪራይ ማለት ከመደርደሪያዋ ላይ ብዙ ዕቃ ማንሳት ነውና። በሦስት ወር ቅድሚያ በ1,500 ጭማሪ ጨረሱ። ቋሚ ወጪዋ 28,500 ሆነ። ያን ቀን ማታ 7,500 የሚለውን ሰርዛ ከላዩ 7,917 ብላ ጻፈች።